ረጅም ጽሑፍን በትልቅ መነሻ ፊደል፣ በጎላ ጥቅስና በጎን ሳጥን መከፋፈል፦ ይረዳል ወይስ ያውካል?

ዮናስ (ጠያቂ)፦ ከ2,500 ቃል በላይ የሆነ ጽሑፍ ስናወጣ አንባቢ እንዳይታክተው እያልን የመጀመሪያውን ፊደል እናገዝፋለን፣ ከመሐል አንድ ዓረፍተ ነገር አውጥተን በትልቁ እንደግማለን፣ ዳር ላይም ሳጥን እንከታለን። እውነት ንባቡን ያቀልላሉ ወይስ ገጹን ለማሳመር ብቻ ነው? የትኛው ይቅር?

ሄለን፦ ሦስቱም የተለያየ ነገር ስለሚሠሩ ባንድ ላይ መፍረድ ይከብዳል። እኔ የምቃወመው ጥቅሱን ነው። ጎልቶ የሚደገም ጥቅስ ለወረቀት የተሠራ ነገር ነው። መጽሔት የዘረጋ ሰው ሁለቱን ገጽ አንዴ ያያል፤ ዓይኑ ትልቁ ጽሑፍ ላይ ያርፍና «ይሄ ምንድን ነው?» ብሎ ወደ ዋናው ጽሑፍ ይገባል። ጥቅሱ የሚጠራው ገና ማንበብ ያልጀመረውን ነው። ስልክ ላይ ግን ጥቅሱ ጋ የሚደርሰው እስከዚያ ያነበበ ሰው ብቻ ነው። ገብቶ የተቀመጠን እንግዳ «ግባ» ማለት ነው። ይባስ ብሎ ከአምስት መስመር በፊት ያነበበውን ዓረፍተ ነገር እንደገና ሲያገኘው የተሳሳተ ቦታ የደረሰ መስሎት ወደ ላይ ይመለሳል።

ቢንያም፦ አልስማማም። ብዙ ሰው መጀመሪያ ሙሉውን ገጽ በጣቱ ወደ ታች እያንሸራተተ ይቃኘዋል፣ የሚያነበው ከዚያ በኋላ ነው። ለእሱ ጥቅሱ ልክ እንደ መጽሔቱ ነው የሚሠራው። ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ትልቁ ፊደል ነው። ማየት ለተሳናቸው ገጹን ጮክ ብሎ የሚያነበው ፕሮግራም ፊደሉን ነጥሎ ይጠራዋል፤ «ሰላም» የሚለውን «ሰ» ብሎ ያቆምና «ላም» ይላል። ስለዚህ ጨርሶ ይቅር።

መስፍን፦ ቢንያም ያለው በከፊል ልክ ነው። ችግሩ የሚመጣው ፊደሉ `<span>` ውስጥ ተቆርጦ ሲገባ ነው፤ ያኔ ቃሉ በርግጥም ለሁለት ሊሰበር ይችላል። በ `::first-letter` ከተሠራ ግን ጽሑፉ ራሱ አልተነካም፣ የተለወጠው መልኩ ብቻ ነው፤ በአብዛኛው ቃሉ ሙሉ ይነበባል። ጮክ ብሎ በማንበብ በኩል የከፋው ሄለን ያነሣችው ጥቅስ ነው፤ ሰሚው ያንኑ ዓረፍተ ነገር ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ሁለት ጊዜ ይሰማል፣ መጎላቱንም አያውቅም። ለእሱ መፍትሔው ቀላል ነው፤ የተደገመው ቅጂ ላይ `aria-hidden="true"` ይደረጋል፣ ዋናው በቦታው ይነበባል።

ትልቁ ፊደል ላይ የእኔ ቅሬታ ሌላ ነው። የአሠራሩ ስሌት በሙሉ የታሰበው ለላቲን ነው። የላቲን ትላልቅ ፊደሎች ቁመታቸው አንድ ስለሆነ አንዱን ከለካህ ሁሉንም ለካህ። በእኛ ፊደል ግን በብዙ ፎንት ዐ እና መ አጠር ይላሉ፣ ለ እና በ ይረዝማሉ፣ ሏ እና ሟ ደግሞ ከሥር ጭረት አላቸው። ለ«በ» ያስተካከልከው ቁጥር ለ«መ» ከላይ ክፍተት ይተዋል፤ «ሟ» ከመጣ ጭረቱ ከሥር ያለውን መስመር ሊነካ ይችላል።

ዮናስ፦ ታዲያ ለዚሁ የተሠራው `initial-letter` የሚባለው የCSS ትእዛዝ ራሱ አያስተካክለውም? ለሦስት መስመር «3» ብቻ ጽፎ መተው አይቻልም?

መስፍን፦ መጀመሪያ ነገር ሁሉም አሳሽ ላይ አይሠራም። ክሮም ከ110ኛው ስሪት ጀምሮ ተቀብሎታል፣ ሳፋሪ `-webkit-` ይጨመርልኝ ይላል። በሚሠራበትም ቦታ የሚያሰላው በፎንቱ ውስጥ በተመዘገበው የላቲን ትልቅ ፊደል ቁመት ስለሆነ ለፊደላችን በግምት ነው የሚገጥመው። በእጅ ማስላቱ ይሻላል፣ ከባድም አይደለም።

የጽሑፉ መጠን 18 ፒክስል፣ የመስመሩ ቁመት 1.6 ይሁን። አንድ መስመር 28.8 ፒክስል፣ ሦስት መስመር 86.4 ፒክስል ይይዛል። ትልቁ ፊደል ራሱ ከመጀመሪያው መስመር ፊደሎች አናት ተነሥቶ ሦስተኛው መስመር የቆመበት ላይ መቆም አለበት። ይህ ሁለት ሙሉ መስመርና አንድ የፊደል ቁመት ነው። የፎንቱ ፊደል ከመጠኑ 0.7 ያህል ከሆነ 57.6 ሲደመር 12.6፣ 70 ገደማ ይመጣል። 70 ለ0.7 ሲካፈል 100 ፒክስል፣ ማለትም 5.5 እጥፍ ነው።

```css
.lead::first-letter {
  float: left;
  font-size: 5.5em;
  line-height: 0.75;
  margin: 8px 10px 0 0;
}
```

እዚህ ብዙ ሰው የሚሳሳተው `line-height` ሳይጽፍ በመቅረት ነው። ያኔ ፊደሉ የተቀመጠበት ሳጥን ከ86 ፒክስል ይበልጥና አራተኛው መስመርም ወደ ውስጥ ይገባል፤ ከፊደሉ ሥር ባዶ ጉድጓድ ታያለህ። የሳጥኑ ቁመትና ከላይ የተጨመረው ክፍተት ተደምረው ከ86 እንዳያልፉ። ከላይ ባለው 74 እና 8፣ 82 ስለሆነ ይበቃል። 0.7 ያልኩት የፎንት ጉዳይ ነው፤ የራስህን ፎንት በ«በ» እና በ«መ» ለክተህ መሐሉን ያዝ።

ሄለን፦ ከስሌቱ በፊት ጽሑፉ በምን እንደሚጀምር ይታይ። `::first-letter` ከፊደሉ በፊት ያለውን ምልክትም አብሮ ስለሚያገዝፍ ጽሑፉ በ«እንዲህ» ዓይነት ጥቅስ ከተከፈተ ትእምርተ ጥቅሱም ይገዝፋል። በዓመተ ምሕረት ከተጀመረ ደግሞ ከ1967 ላይ 1 ብቻዋን ትቆምና 967 ዳር ላይ ይቀራል። በእንዲህ ያለ ጊዜ አርታኢው ዓረፍተ ነገሩን ያዟዙር ወይም ፊደሉን ይተወው።

አጭር ቃልም አለ። «ይህ» ሲሆን ግዙፍ ይ እና ደቃቅ ህ። ላቲኖቹ ቀሪውን ቃል ወይም ሙሉውን መስመር በትንንሽ ካፒታል ጽፈው መጠኑን ያቀራርቡታል። እኛ ካፒታል የለንም።

መስፍን፦ የለንም፣ ግን የራሳችን መንገድ አለን። የብራና ጸሐፊዎች መክፈቻውን መስመሮች በቀይ ቀለም ነበር የሚለዩት፣ አንድ ፊደል ማግዘፍን አላዘወተሩም። ገጽ ላይ በ `::first-line` የመጀመሪያውን መስመር ቀለም መቀየር ያንኑ ይሠራል፤ ስሌት የለው፣ ስልኩ ጠበበ ሰፋ አይል። እኔ ብጠየቅ ከትልቁ ፊደል ይልቅ ይህን እመርጣለሁ። ከነጩ ገጽ ላይ ደብዛዛ የሆነ ቀይ እንዳይሆን ብቻ።

ትዕግሥት፦ ጋሽ መስፍን፣ የጎን ሳጥኑ ግን ለምን ተረሳ? እኛ በስተቀኝ ተያያዥ ጽሑፎችና ማስታወቂያ የሚደረደሩበት ዓምድ አለን፤ እሱ አንባቢን ይረብሻል እንጂ ምን ይጠቅማል?

ሄለን፦ ትዕግሥት፣ እሱ ሌላ ነው፤ የገጹ ዓምድ ነው። ዮናስ የጠየቀው ለጽሑፉ የተጻፈ ሳጥን ነው፤ ለምሳሌ የክስተቶች ቅደም ተከተል፣ የአንድ ቃል ማብራሪያ፣ የቁጥሮች ዝርዝር። ዋናው ትረካ ውስጥ ቢገባ የሚያሰናክል፣ ቢቀር ደግሞ የሚጎድል ነገር።

ትዕግሥት፦ እሺ፣ እንዲያ ከሆነ የያዝኩትን ልናገር። 2,600 ቃል፣ ሦስት ጥቅስ፣ ሁለት ሳጥን፣ ባለ ሦስት መስመር መነሻ ፊደል። ንዑስ ርዕስ የለውም። ኮምፒውተር ላይ ያምራል፣ ስልክ ላይ ግን ሁለቱም ሳጥኖች ከጽሑፉ ማለቂያ በኋላ ተከታትለው ይመጣሉ። መክፈቻውም ተጨማድዷል።

መስፍን፦ መክፈቻው የተጨማደደው ከስፋት የተነሣ ነው። 360 ፒክስል ስልክ ላይ ግራና ቀኝ 20፣ 20 ሲነሣ 320 ይቀራል። ፊደሉና ክፍተቱ 90 ያህል ከወሰዱ ለጽሑፉ የሚተርፈው 230 ነው፤ በመስመር ሁለት ወይም ሦስት ቃል። ረጅም ቃል ሲመጣ ወደሚቀጥለው ይወርድና ቀኙ ይሸረፋል። ስልክ ላይ ሁለት መስመር አድርጊው፣ 3.3 እጥፍ ያህል ይበቃል። የመጀመሪያው አንቀጽ ከሁለት መስመር ካነሰ ደግሞ ፊደሉ ሁለተኛው አንቀጽ ውስጥ ይገባል፤ ያኔ ፊደሉን ማጥፋት ነው።

ሳጥኖቹ መጨረሻ ላይ የወደቁት ኮዱ ውስጥም መጨረሻ ላይ ስለተጻፉ ነው። ሰፊው ስክሪን ላይ ወደ ጎን የተወሰዱት በአቀማመጥ ትእዛዝ ነው፤ ስልክ ላይ ትእዛዙ ሲነሣ ወደ ተጻፉበት ይመለሳሉ። ሳጥኑን የሚፈልገው ሐሳብ መጀመሪያ ከተነሣበት አንቀጽ ቀጥሎ `<aside>` አድርገሽ ጻፊው። በ `order` አምጥተሽ እንዳታስተካክዪው፤ ዓይን ይታለላል እንጂ ጮክ ብሎ የሚያነበው ፕሮግራም የሚከተለው የተጻፈበትን ቅደም ተከተል ነው።

ቢንያም፦ ስልክ ላይ መሐል ከገባ እኮ ንባቡን ያቋርጣል። `<details>` ውስጥ አስገብቶ ዘግቶ መተው አይሻልም? የፈለገ ይከፍተዋል።

ሄለን፦ ከ80 ቃል በላይ ለሆነ ሳጥን እሺ። ግን ገጹን የሚያትም አንባቢ ካለ የተዘጋው ሳጥን ወረቀቱ ላይ አይወጣም። ያለ ሳጥኑ የማይገባ ጽሑፍ ከሆነ ደግሞ መዘጋቱ ስሕተት ነው፤ ያ ነገር መጀመሪያውኑ ሳጥን መሆን አልነበረበትም።

የትዕግሥት ገጽ ትልቁ ጉድለት ግን ሌላ ነው። ንዑስ ርዕስ የለውም ብላለች፤ ሦስቱ ጥቅሶች የንዑስ ርዕስን ሥራ እንዲሠሩ ነው የተጠሩት። አይችሉም። ንዑስ ርዕስ ከዚህ በታች ምን እንዳለ ይናገራል፣ ጥቅስ ግን ሳይጠበቅ የሚገባ ድምፅ ነው። ለ2,600 ቃል አምስት ወይም ስድስት ንዑስ ርዕስ ይግባ፤ ከዚያ በኋላ ጥቅሶቹ መፈለጋቸው ይታይ።

ትዕግሥት፦ ሦስቱንም ላጥፋ?

ቢንያም፦ አንዱን ተዪው። ከ20 ቃል የማይበልጠውን፣ ዋናው ዓረፍተ ነገር ካለበት ቢያንስ አንድ ሙሉ ስክሪን ቀድሞ እንጂ ተከትሎ አይምጣ። ቀድሞ ሲመጣ ድግግሞሽ ሳይሆን ጥያቄ ይሆናል። በሁለት አንቀጽ መሐል ይግባ፣ አንቀጹን አይሰንጥቅ።

ሄለን፦ ቀድሞ ሲመጣ ደግሞ ምስጢሩን ያወጣዋል። ተናጋሪው ማን እንደሆነ ገና ሳይታወቅ ንግግሩ ይመጣል። ኮምፒውተር ላይ ጎን ይቁም፣ ግድ የለኝም፤ ስልክ ላይ ይጥፋ።

ቢንያም፦ አብዛኛው አንባቢ ስልክ ላይ ከሆነ ኮምፒውተር ላይ ብቻ የሚታይ ጥቅስ ለማን ነው?

መስፍን፦ እሱ ላይ እኔም ከሄለን ጋር አልቆምም፣ ካንተም አልቆምም። ምስጢር ያለው ትረካ ላይ እሷ ልክ ናት፤ ቃለ መጠይቅ ላይ አንተ፣ ምክንያቱም ተናጋሪው ከርዕሱ ጀምሮ ይታወቃል። የትዕግሥት የትኛው እንደሆነ አልነገረችንም።

ትዕግሥት፦ ግማሹ ትረካ፣ ግማሹ ቃለ መጠይቅ ነው።