ደሴ ላይ የሚሠራ የማይክ ማጉያ ኮምቦልቻ ሲወርድ ድምፁ ይሰነጠቃል፤ ሰርጉ ነገ ነው!

የሐረጎ ልጅ
ጀመዓ ድረሱልኝ። በአንድ ትራንዚስተር የማይክ ማጉያ ሠርቻለሁ። ትናንት ማታ ደሴ ቤቴ ስሞክረው ጥርት ያለ ድምፅ ነበር። ዛሬ ቀትር ላይ ኮምቦልቻ ድንኳን ውስጥ ስከፍተው ድምፁ እንደ ተቀደደ ከበሮ ሆነ። ትራንዚስተሩን ቀየርኩት፣ ባሰበት፤ አሁን ጭራሽ አይናገርም። የአክስቴ ልጅ ሰርግ ነገ ነው። ሙቀቱ ይሆን? ምን ላድርግ?

ፒያሳ 3ኛ ፎቅ
ትራንዚስተሩን ቀይረው።

ቦርከና ማዶ
ቀይሬዋለሁ ይላል እኮ፣ ወንድም። እኔ ግን ጥፋቱ የሙቀት አይመስለኝም። ኮምቦልቻ ፋብሪካው ብዙ ነው፣ መብራቱ ሲወጣና ሲወርድ ነው የሚውለው። አዳፕተርህን እይ።

የሐረጎ ልጅ
ከ12 ቮልት ባትሪ ነው የምጠቀመው። ለክቼዋለሁ፣ አልወረደም።

ሐያት ጥገና
ሰርኪቱን ሳታሳየን እንዴት እንርዳህ? ቤዙ ላይ ምን አለ? ኮሌክተሩ ላይስ? ማታና ቀትር ኮሌክተሩን ለክተሃል? ትራንዚስተሩ ምን ይላል? መጨረሻው ላይ ያለችው ፊደል ሳትቀር ጻፍልኝ።

የሐረጎ ልጅ
ይቅርታ እህቴ፣ ተቻኩዬ ነው። ከ12 ቮልት ወደ ቤዝ 1 ሜጋ፣ ወደ ኮሌክተር 2.7 ኪሎ። ኢሚተሩ ቀጥታ ግራውንድ ላይ ነው። የመጀመሪያው ቢሲ 547 ቢ ነበር፣ የቀየርኩት ቢሲ 547 ሲ ነው። ማታ ኮሌክተሩ 3.1 ነበር። ቀትር ላይ 1.2። ሲውን ስከት 0.1።

ጋሽ ቴስተር
ልጄ፣ ይሄማ የታወቀ ነገር ነው። ሌኬጅ ይባላል። በየ10 ዲግሪው እጥፍ ይሆናል። እኛ የድሮ ራዲዮ ስንጠግን ፀሐይ ላይ ከተረሳ ድምፁ ይንሻፈፍ ነበር፤ ጥላ ውስጥ አስገብተን ሻይ እስክንጠጣ ይሻለው ነበር። ትራንዚስተሩን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው።

ፒያሳ 3ኛ ፎቅ
ሙሽራዋንም አብረህ ጠቅልላት 😂

ሐያት ጥገና
ጋሼ፣ የነገሩን ለድሮው ጀርማኒየም ትራንዚስተር እውነት ነው፤ እዚያ ሌኬጁ ትልቅ ነበር። ይሄ ግን ሲሊከን ነው። ሌኬጁ በናኖ አምፔር የሚቆጠር ስለሆነ ሦስት ጊዜ እጥፍ ቢሆንም እዚህ ቮልት አያወርድም። እዚህ የሚለወጠው ቤታው ነው፤ ማለትም ትራንዚስተሩ የቤዙን ከረንት ስንት እጥፍ አድርጎ በኮሌክተሩ እንደሚያሳልፍ።

የሐረጎ ልጅ፣ ቁጥርህ ራሱ ይናገራል። በ1 ሜጋ በኩል ቤዙ የሚያገኘው 11 ማይክሮ አምፔር ገደማ ነው። ቢው ቤታው 290 አካባቢ ስለሆነ ማታ 3.3 ሚሊ አምፔር አሳለፈ። ያ በ2.7 ኪሎ ላይ 9 ቮልት ገደማ በላና 3.1 ቀረልህ። መጀመሪያውንም ጠርዝ ላይ ነበርክ። ቀትር ላይ ቤታው አንድ አምስተኛ ያህል ሲጨምር 1.2 ደረስክ። የማይኩ ድምፅ ወደ ታች ለመውረድ ቦታ አጣ፣ ተቆረጠ። ሲው ደግሞ ቤታው ከ420 ይጀምራል። በዚያ ላይ 12 ቮልቱን በሙሉ ሬዚስተሩ ይበላዋል፣ ትራንዚስተሩ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ ይቀራል። ስለዚህ አልተቃጠለም፣ አትጣለው።

ካላመንከኝ ቢውን መልሰህ ክተትና አሁን በብርዱ ጥቁሩን አካሉን ብቻ በሁለት ጣት ያዘው። እግሮቹን አትንካ። ቴስተሩን ኮሌክተሩ ላይ አድርገህ አንድ ደቂቃ ጠብቅ።

የሐረጎ ልጅ
ወላሂ ከ3.1 ወርዶ 2.1 ገባ! ስለቀው ቀስ እያለ ይመለሳል።

ኑሪያ ከሸዋበር
እኔም ተመሳሳይ ችግር አለብኝ። የትልቁ ስፒከር አምፕሊፋየሬ የውጤት ትራንዚስተሮች እስኪፋጁ ድረስ ይግላሉ፤ ዝም ብለውም ይግላሉ። እኔም 1 ሜጋውን ልቀይር?

ሐያት ጥገና
ኑሪያ፣ ያንቺ ሌላ ነው። በቤዞቹ መካከል ያሉት ዳዮዶች ሂትሲንኩን ካልነኩት መሞቁን አያውቁትም። እነሱን አስነኪና አዲስ ጥያቄ ክፈቺ።

ቦርከና ማዶ
እሺ ሙቀት ነው፣ ተሸነፍኩ። ግን መፍትሔው ቀላል ነው። ቤዙን ከ12 ቮልት ሳይሆን ከኮሌክተሩ በ680 ኪሎ አብላው። ኮሌክተሩ ሲወርድ የቤዙም ድርሻ አብሮ ይቀንሳል። አለቀ።

ሐያት ጥገና
መጥፎ አይደለም፤ ለቢው 6 ቮልት አካባቢ ያቆመዋል። በ30 ዲግሪ ግማሽ ቮልት ያህል ይወርዳል። ግን አሁንም ቤታውን ነው የምትደገፈው። ሲው ቢገባ ሌላ ቦታ ትቆማለህ። እኔ እንዲህ አደርገው ነበር፦

```
12V --47k-- B --10k-- GND
12V --2.7k-- C
E --100-- X --560-- GND
X --100uF-- GND
```

ሁለቱ ሬዚስተሮች ቤዙን 2 ቮልት ላይ ያቆሙታል። ኢሚተሩ 1.4 ላይ ይቀመጣል። 1.4 ለ660 ኦም ሲካፈል 2.1 ሚሊ አምፔር ነው፤ ትራንዚስተሩ ቢም ይሁን ሲ ብዙ አይለየውም። ከረንቱ ልውጣ ሲል ኢሚተሩ ይነሳል፣ በቤዝና በኢሚተር መካከል ያለው ይጠብባል፣ ራሱን ያንቃል።

ሙቀት የቤዝና የኢሚተሩን ቮልት በዲግሪ 2 ሚሊ ቮልት ያህል ይቀንሰዋል። በ30 ዲግሪ 60 ሚሊ ቮልት። ከ1.4 ቮልት ላይ 60 ሚሊ ምንም አይደለም። ኢሚተሩ ላይ 0.2 ብቻ ብትተው ግን ሲሶው ነው። ለዚህ ነው በትንሽ ኢሚተር ሬዚስተር ማታለል የማይቻለው።

የካፓሲተሩ ፕላስ ወደ ኢሚተሩ በኩል። ያለሱ ማጉላቱ ወደ 4 እጥፍ ይወርዳል።

የሐረጎ ልጅ
47 ኪሎ የለኝም፣ 10 ኪሎም የለም! ሱቁ ተዘግቷል። 470 ኪሎና 100 ኪሎ አለኝ። ውድሩ አንድ አይደል እንዴ?

ፒያሳ 3ኛ ፎቅ
አንድ ነው፣ ክተተው። ባትሪም ይቆጥባል።

ሐያት ጥገና
እንዳትከተው! ውድሩ አንድ ነው፣ ጉልበቱ ግን አንድ አይደለም። ቤዙ ያችኑ 5 ወይም 7 ማይክሮ አምፔር ሲስብ ግማሽ ቮልት ያህል ይነጥቅሃል። የሚነጥቀው ደግሞ ከቤታው ጋር ይለዋወጣል። ዞረህ እዚያው ገባህ። የተበላሸ ራዲዮ ወይም ቻርጀር ቤት ውስጥ የለም? ንቀልለት። ልክ 47 መሆን የለበትም፤ 39 ለ8.2ም ይሆናል።

ጋሽ ቴስተር
የኔ ያረጀ ቴፕ አለ፣ ቧንቧ ውኃ ሰፈር ነኝ። ና ውሰድ ልጄ። ጨርቁ ግን ሠርቶ ያውቃል።

የሐረጎ ልጅ
ጋሼ አላህ ይስጥዎት፣ መጣሁ።

የሐረጎ ልጅ
ከምሽቱ 4 ሰዓት። ከጋሼ ቴፕ ውስጥ 47 እና 10 ነቅዬ ገጠምኩ። ሲውን ነው የተጠቀምኩት። ኮሌክተሩ 6.2። የጋለውን መበየጃ ሳላስነካ አስጠጋሁት፤ 6.0 ላይ ቆመ። ድምፁ ግን ከበፊቱ ቀነሰ።

ቦርከና ማዶ
100 ኦሙን ሬዚስተር አውጣው፣ ድምፅ ታገኛለህ።

ሐያት ጥገና
ባያወጣው እመርጣለሁ። ድሮ ብዙ መቶ እጥፍ ያጎላ ነበር፣ የሰርግ ማይክ ያን አይችልም፤ ሙሽራው ጮክ ሲል መሰንጠቁ አይቀርም። ጥሩ መሀል ከፈለግክ 47 ኦም አድርገው፤ በእጥፍ ገደማ ይጨምርልሃል።

ቦርከና ማዶ
አይ፣ ማይኩን አፋቸው ላይ ከሚያስጠጉ ድምፁን ቢያበዛው ይሻላል። የኮምቦልቻን ሰርግ አታውቂውም።

ፒያሳ 3ኛ ፎቅ
ሚክሰር ተከራዩ ብዬ ልጽፍ ነበር፣ ተውኩት።

ጋሽ ቴስተር
ልጄ፣ ሰርጉ አለፈ። ድንኳኑ ውስጥ በቀትር ስንት ሆነ? ኮሌክተሩን ነው የጠየቅኩት፣ ሙሽሮቹን አይደለም።

ጋሽ ቴስተር
ቴፔንስ?