ክፍት የሥራ ቦታ ላላወጣ ድርጅት የጻፍሁትን ደብዳቤ እዩልኝ

የምኖረው ጅማ ነው። ሁለት ዓመት በቡና ማጠቢያ ጣቢያ ጥራት ተቆጣጥሬአለሁ። ባለፈው ወር ለአንድ ቡና ላኪ ድርጅት «ጉዳዩ፦ ሥራ ስለመጠየቅ» ብዬ ጽፌ መዝገብ ቤት አስገባሁ። ወደ ሰው ኃይል ክፍል ተመራና በሦስተኛው ቀን «ክፍት ቦታ የለም» የሚል መልስ መጣ። ለዚያ ጥያቄ ሌላ መልስ ሊኖራቸውም አይችልም ነበር።

አሁን ለሌላ ድርጅት የጥራት ክፍል ኃላፊ እንዲህ አዘጋጅቻለሁ፦

«ጉዳዩ፦ ለ20 ደቂቃ ውይይት ስለመጠየቅ

በጣቢያችን የጠዋቱና የማታው ቡና በአንድ ማብላያ ገንዳ ሲደባለቅ ቀድሞ የገባው ከልክ በላይ እየተብላላ በቅምሻ ላይ ይኮመጥጥ ነበር። የየገንዳውን ሰዓት መዝግቤ እንዲለያይ አደረግሁ። እርስዎ በርካታ ጣቢያዎች የሚያቀርቡትን ቡና ስለሚያዩ፣ ይህን እንዴት እንደሚከታተሉ ልጠይቅዎት እወዳለሁ። ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ይመችዎታል?»

የቸገረኝ ሥራ እንደምፈልግ መጻፉ ነው። ብደብቀው ማታለል ይመስለኛል፤ በግልጽ ብጽፈው ደግሞ ጸሐፊዋ ዳግመኛ ወደ ሰው ኃይል ትመራዋለች። «ወደፊት ቦታ ሲኖር እንዲያስቡኝ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ ይበቃል? የሥራ ልምድ ማስረጃዬንስ አሁን ላያይዝ ወይስ ለውይይቱ ይዤ ልሂድ? እንዲህ ጽፋችሁ የተጠራችሁ ወይም ደብዳቤ የምትቀበሉ እባካችሁ ንገሩኝ፤ ሰኞ ጠዋት ላስገባው ነው።