«ሎው ኪ አድክሞኛል»፦ ለአክስቴ በአማርኛ እንዴት ልንገራቸው?

ሚካኤል፦
እህቴ ለአክስታችን በስልክ እንዲህ የሚል መልእክት ላከች፦ «አዲሱ ሥራ ሎው ኪ አድክሞኛል። የሰዎቹ ቫይብ ግን ደስ ይላል፣ ኖ ካፕ።» አክስቴ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። አማርኛቸው ለእኔም የሚተርፍ ነው፤ እንግሊዝኛ ደግሞ ከትምህርት ቤት የቀረች ጥቂት አለቻቸው። ያሳሳተቻቸውም እሷው ናት። «ኪ» ቁልፍ፣ «ካፕ» ኮፍያ መሆኑን ስለሚያውቁ «ቁልፍ ጠፍቶባት ነው? ኮፍያውስ ለምን አስፈለጋት?» ብለው ጠየቁኝ። የመዝገበ ቃላት ፍቺ አልፈልግም። እርሳቸው ራሳቸው በዚያ ቦታ የሚሉትን አማርኛ ብታገኙልኝ ነው የምወደው።

ኤርሚያስ፦
ይህማ ቀላል ነው። «ኖ ካፕ» ማለት «እውነት ለመናገር»፣ «ቫይብ» ማለት «ስሜት»፣ «ሎው ኪ» ማለት «ትንሽ» ነው። ትንሽ ደክሟታል፣ አለቀ።

መዝገቡ፦
«እውነት ለመናገር» አይሆንም። እኛ ይህን ሐረግ አዘውትረን የምናስቀድመው ሰሚው ደስ የማይለውን ነገር ልንናገር ስንል ነው፦ «እውነት ለመናገር ንግግሩ አልጣመኝም» እንላለን። «ኖ ካፕ» ሥራው ሌላ ነው። ከጥቁር አሜሪካውያን እንግሊዝኛ የመጣ አነጋገር ነው፤ እዚያ «ካፕ» ጉራ ወይም ውሸት ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ የአትላንታ የራፕ ሙዚቀኞች ሲያዘወትሩት በየአገሩ ያሉ ወጣቶች ተቀበሉት። ብዙውን ጊዜ ከዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ይገባል፤ ተናጋሪው አንድ ነገር ካሞገሰ በኋላ «ይህስ ተጋነነ» እንዳይባል የሚጨምራት መያዣ ናት። ስለዚህ «የምሬን ነው» ወይም «ሳልጨምር ሳልቀንስ» ቢባል አክስትህ ወዲያው ይገባቸዋል።

አልማዝ፦
እኔ ደግሞ በዚህ ነገር ተሸውጃለሁ። ሴት ልጄ «ክፍሌን አጽድቼ ጨርሻለሁ» ብላ በቤተሰቡ መልእክት መለዋወጫ ላይ ጻፈች፤ ወንድሟ አንድ ሰማያዊ የኮፍያ ሥዕል ብቻ መለሰላት። ሽልማት ሊገዛላት ያሰበ መስሎኝ «ጎበዝ፣ እንዲህ ነው ወንድም» ብዬ ጻፍኩ። ሁለቱም ሳቁብኝ። ምክንያቱን እስካሁን የነገረኝ የለም።

መዝገቡ፦
ልጅዎ «ውሸት ነው» ማለቱ ነው። ኮፍያው ብቻውን ሲመጣ የ«ኖ ካፕ» ተቃራኒ ይሆናል፤ «ኖ» የምትለዋ ቃል ከሌለች የቀረው «ካፕ» ነው። ሚካኤል፣ ይህን ለአክስትህ አስቀድመህ ንገራቸው። ቃሉን ለምደው ሥዕሉን ለማድነቂያ ከላኩት ሰው ያስቀይማሉ።

ጋሽ ተሾመ፦
ለምን ግን ለእነዚህ ቃላት የአማርኛ አቻ አይወጣላቸውም? «ቫይብ» ሥሩ መንዘር ነው። «ንዝረት» ተብሎ ቢደነገግ ልጆቹም ከመደናበር ይድኑ ነበር።

ሚካኤል፦
ጋሽ ተሾመ፣ ሥሩን በትክክል ነግረውናል፤ ግን የእኔ ጥያቄ ቃል ስለመደንገግ አልነበረም። አክስቴን «የሰዎቹ ንዝረት ደስ ይላል» ብላቸው የመሬት መንቀጥቀጥ ያወራሁ ይመስላቸዋል።

ጽጌ፦
ለ«ቫይብ» አንድ ስም መፈለጉ ራሱ ነው የሚያስቸግረው። አማርኛ ይህን ነገር በስም ከመጥራት ይልቅ በግሥ መናገር ይቀለዋል። አንድ ቤት ገብታችሁ ማንም ክፉ ቃል ሳይናገራችሁ መውጣት ብትፈልጉ ምን ትላላችሁ? «ቤቱ ቀፈፈኝ» አይደለም? መጥፎ ቫይብ ማለት ይኸው ነው። ያልተነገረ፣ ማስረጃ የማይቀርብበት፣ ግን የተሰማ ነገር። ስለ ሰው ሲሆን «ልቤ አልወደደውም» እንላለን፣ ጠንከር ሲል ደግሞ «ደመ መራራ ነው»። «ደመ ግቡ» ግን ወደ መልክም ስለሚያዘነብል አልመርጠውም። ስለ ቦታ ወይም ስለ ግብዣ ሲሆን «ድባብ» ደህና ያገለግላል። ለዚህ መልእክት ግን «ሰዎቹን ልቤ ወዷቸዋል» ነው የምለው።

ኤርሚያስ፦
እሺ፣ በሁለቱ ተረታሁ። «ሎው ኪ» ግን «ትንሽ» ነው፤ ይህን አልለቅም።

መዝገቡ፦
ግማሹን ይዘሃል። ቃሉ ድምፅን ዝቅ ከማድረግ የመጣ ነው፤ ቀድሞ በእንግሊዝኛ ድምቀት ያልበዛበትን ነገር ለመግለጽ ነበር የሚሠራበት። ወጣቶቹ ግን ከስም ላይ አንሥተው በግሥ ላይ አሳረፉት። ዝቅ የሚለው ደግሞ አንዳንዴ የስሜቱ መጠን፣ አንዳንዴ የመናገሩ ነገር ነው።

መጠኑን ለማሳነስ አማርኛ «ትንሽ» ከሚለው የተሻለ መሣሪያ አለው። «ደከም አለኝ» እና «ድክም አለኝ» የሚሉትን ጮክ ብላችሁ በሏቸው። የፊተኛው ድካሙን ያቀልለዋል፣ የኋለኛው ያከብደዋል። የተለወጠው የፊደሎቹ አናባቢ ነው፤ «ደከ» የነበረው «ድክ» ሆነ። «ከፋ አለኝ» እና «ክፍት አለኝ»፣ «ቀለል አለኝ» እና «ቅልል አለኝ» እንዲሁ ናቸው። አክስትህ ይህን ልዩነት ማንም ሳያስተምራቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲሠሩበት ኖረዋል። ስለዚህ «ሎው ኪ አድክሞኛል» የሚለው «ደከም አድርጎኛል» ነው።

የሚደበቅ ነገር ሲሆን ግን ይህ አይሠራም። አንዱ ወጣት ስለ አንድ ዘፋኝ «ሎው ኪ እወደዋለሁ» ቢል ፍቅሩ አንሷል ማለት ላይሆን ይችላል። አብዝቶ እየወደደው በሰው ፊት ማመን ያፍር ይሆናል። ያን ጊዜ አማርኛው «ውስጥ ውስጡን እወደዋለሁ» ነው። እኔ የምለያቸው ሰውየው ስሜቱን የሚደብቅበት ምክንያት አለው ወይ ብዬ በመጠየቅ ነው። ቅናት፣ ናፍቆት፣ የማይታመን ፍቅር ከሆነ «ውስጥ ውስጡን»። ድካም፣ ረሃብ፣ መሰልቸት ከሆነ «ደከም»፣ «ራብ»፣ «ሰልቸት»።

ጽጌ፦
ድካም አይደበቅም ያለህ ማን ነው? አዲስ ሥራ የገባች ልጅ ድካሟን ከዘመድ ትደብቃለች። የከበደውን ለማቅለል ብላ «ሎው ኪ» ያለችም ሊሆን ይችላል። እኔ ብሆን ለአክስትየው «ትንሽ ነው፣ አይጨነቁ» ብዬ አልተረጉምላቸውም ነበር። ልጅቷን እጠይቃታለሁ።

ሚካኤል፦
ጠየቅኳት። «ድካሙስ ከባድ አይደለም፣ ግን ለእማዬ አልነገርኳትም» አለችኝ። ለአክስቴ መልእክቱን እንዲህ ብዬ አነበብኩላቸው፦ «አዲሱ ሥራ ደከም አድርጎኛል፤ ሰዎቹን ግን ልቤ ወዷቸዋል፣ የምሬን ነው።» ሰምተው «ታዲያ ይህን በአማርኛ ብትጽፈው ምን ነበረበት?» አሉና ሊደውሉላት ስልካቸውን አነሡ።

ኤርሚያስ፦
መዝገቡ፣ አንድ ብቻ ቀረኝ። ታናሽ ወንድሜ ሁለት ስልኮች አወዳድሮ «ሎው ኪ ይኸኛው ይሻላል» አለ። የሚደበቅ ነገር የለም፣ የሚያንስ መጠንም የለም። ምን ልበለው?

መዝገቡ፦
እዚህ ላይ ቃሉ እየሳሳ ነው። «ሳስበው ይኸኛው ሳይሻል አይቀርም» ብዬ እተረጉመዋለሁ፤ ተናጋሪው ሐሳቡን ለዘብ አድርጎ ማቅረቡ ነውና።

ጽጌ፦
እኔ አልስማማም። የእኔ ተማሪዎች እንዲህ ሲሉ መለዘብ የለበትም፤ «ማን ይገምት ነበር፣ ይኸኛው ይሻላል» የሚል መደነቅ ነው የምሰማበት። ወንድምህ የመረጠው ርካሹን ነው ወይስ ውዱን?

ኤርሚያስ፦
ርካሹን።

ጽጌ፦
እንግዲያው መደነቅ ነው።

መዝገቡ፦
ውዱን ቢመርጥም እንዲሁ ይል ነበር።