«የቀረውን እኔ እከፍላለሁ» ብሎ ለአከራዩ መጻፍ ነበረበት?

ጠያቂ፦ የአጎቴ ልጅ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ለብቻው ተከራይቶ ይኖር ነበር። ወር በገባ በ9ኛው ቀን በድንገት አረፈ። ኪራዩ 1,700 ዶላር ነው፤ የዚያን ወር ከፍሎ ነበር። ሊዙ ሊያልቅ ገና 5 ወር ይቀረዋል። ለአፓርታማው ኦፊስ «ስማችን እንዳይጠፋ የቀረውን እኔ እከፍላለሁ፣ ዕቃውን ብቻ እንድንወስድ ፍቀዱልን» ብዬ ጻፍኩ። አሁን 8,500 ዶላር ላክ አሉኝ። ቁልፉንም አልሰጡኝም። ምን ላድርግ?

የአናንዴል ሰው፦ ነፍስ ይማር። ደብዳቤው አናዶኛል፣ አንተ ግን አይደለህም ያናደድከኝ። ሐዘን ላይ ያለን ሰው ደብዳቤ ይዘው ሂሳብ የሚልኩት ናቸው። ቨርጂኒያ ውስጥ ለብቻው የሚኖር ተከራይ ሲሞትና ፍርድ ቤት የሾመው የውርስ አስተዳዳሪ ሳይኖር፣ ሊዙ በሞተበት ቀን እንደተቋረጠ ነው የሚቆጠረው። አከራዩ በእርግጥ የደረሰበትን ጉዳት ይጠይቃል፤ ግን ከሟቹ ንብረት ላይ ነው እንጂ ካንተ ኪስ አይደለም። ቤቱንም ቶሎ ለማከራየት መጣር አለበት። 5 ወር ባዶ አስቀምጦ «ክፈሉኝ» ማለት አይችልም።

ጋሼ መኩሪያ፦ ሕጉን ሰማን። እኔ የማውቀው ግን ሐበሻ ሟቹን ከነዕዳው አይቀብርም። ልጁ ቃል ገብቷል። «ስማችን እንዳይጠፋ» ማለቱ የቤተሰብ ክብር ነው። ምኑ ላይ ነው ስህተቱ?

የአናንዴል ሰው፦ ጋሼ፣ ስህተቱ ዕዳ ሳይኖር ዕዳ መፍጠሩ ላይ ነው። ሟቹ ወሩን ከፍሎ ነው የሞተው። የማን ስም ነው የሚጠፋው?

ጋሼ መኩሪያ፦ ውል ፈርሟል እኮ! እስከ መጨረሻው እከፍላለሁ ብሎ ፈርሟል።

የአናንዴል ሰው፦ ውሉ በሞቱ ቆሟል እያልኩዎት ነው። ስም የሚጠፋው ያለበትን ዕዳ የካደ ሰው ነው። እዚህ የተካደ ነገር የለም።

ትዕግስት ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ እኛ እህቴ ስታርፍ የ2 ወር ኪራይ ከፍለን ነው ዕቃዋን ያወጣነው። ማንም «ተቋርጧል» አላለንም። ስለዚህ የአናንዴሉ ወንድማችን ሰው እንዳያሳስት እፈራለሁ።

የአናንዴል ሰው፦ ትዕግስት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ ነው። ወንዙን ስትሻገሪ ሕጉ ይለወጣል። የኔ ወሬ ስለ ቨርጂኒያ ብቻ ነው።

ትዕግስት ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ እሺ፣ ግን አከራይ ሁሉ አንድ ነው። ያልከፈለ ሰው ዕቃ አያይም።

ዮሴፍ ዲሲ፦ ለምን ይህን ያህል ትጨቃጨቃላችሁ? ሟቹ በሕይወት እያለ ለዘመዱ ውክልና ሰጥቶት ከሆነ ወረቀቱን አሳይቶ ገብቶ ይውሰድ። እኔ የአባቴን ጉዳይ ሁሉ በውክልና ነው የጨረስኩት።

የአናንዴል ሰው፦ አባትህ በሕይወት ነበሩ ዮሴፍ። ውክልና ሰጪው ሲሞት ውክልናው አብሮ ያበቃል። ከዚያ በኋላ ቁልፉን የሚያስከፍተው ሌላ ነገር ነው። ጠያቂ፣ ሊዙን ወይም ማመልከቻውን አየኸው? ሞት ወይም ድንገተኛ ነገር ቢደርስ የሚጠራ ሰው ተብሎ ማን ተጽፏል?

ጠያቂ፦ ኦፊሱ ነገረኝ። ከሱ ጋር በአንድ ወቅት ይኖር የነበረ ጓደኛው ነው። አሁን ዳላስ ነው ያለው። ላለፉት ዓመታት ተኳርፈው ነበር።

የአናንዴል ሰው፦ ለዚህ ነው ቁልፉን ያልሰጡህ። መክፈልህ አይለውጠውም። መግባትና ዕቃውን መረከብ የሚችለው እሱ ነው፤ መታወቂያውን ሊጠይቁት ይችላሉ። ዛሬውኑ ደውልለት።

አክስት አልማዝ፦ ይሄ ነገር ያንገበግበኛል! የሥጋ ዘመድ በር ላይ ቆሞ የተኳረፈ ጓደኛ ቁልፍ ይቀበላል? እናቱ አዲስ አበባ ተቀምጣ እያለቀሰች!

ጋሼ መኩሪያ፦ አልማዝ ትክክል ነሽ። ደም ከወረቀት ይበልጣል።

የአናንዴል ሰው፦ አክስቴ፣ ወረቀቱን የሞላው ሟቹ ራሱ ነው። አከራዩ «ዘመድ ነኝ» ላለ ሁሉ ቢከፍት ነገ ሌላ ዘመድ መጥቶ «ላፕቶፑ የት ገባ» ይላል። ጓደኛው መግባት ይችላል ማለት ደግሞ ይወርሳል ማለት አይደለም። ሚስትና ልጅ ከሌለው፣ ኑዛዜም ከሌለ፣ ወራሾቹ ወላጆቹ ናቸው። ሌላው መንገድ የአሌክሳንድሪያ ሰርኪት ፍርድ ቤት ሄዶ የውርስ አስተዳዳሪ ሆኖ መሾም ነው። ባንክና ሌላ ንብረት ካለው ያ ሊያስፈልግ ይችላል።

ቀኑን ግን አትርሱ። አከራዩ ለተመዘገበው ሰው በጽሑፍ አሳውቆ ቢያንስ 10 ቀን ከጠበቀ በኋላ፣ ዕቃው የኔ ነው ብሎ የሚመጣ ሰው ከሌለ ሊያስወግደው ይችላል። ማስታወቂያው ዳላስ ደርሶ ጓደኛው ሳይከፍተው ተቀምጦ ሊሆን ይችላል።

ጠያቂ፦ ደወልኩለት። አለቀሰ። ቅዳሜ እመጣለሁ ብሏል። ለኦፊሱ ምን ብዬ ልጻፍ?

የአናንዴል ሰው፦ አጭር ይሁን። እንዲህ በል፦

«የዚህ ቤት ተከራይ የነበረው ዘመዴ በዚህ ቀን አርፏል። የሞት ማስረጃው ቅጂ ተያይዟል። ቀደም ብዬ የጻፍኩት በሐዘን ውስጥ ሆኜ ነው፤ ኪራዩን በግሌ ለመክፈል ያቀረብኩትን ሐሳብ አንስቻለሁ። በሊዙ ላይ የተመዘገበው ሰው ቅዳሜ መጥቶ ዕቃውን ይረከባል፣ ቁልፉንም ይመልሳል። እስከዚያ ዕቃው እንዳይነካ፣ መኪናውም ከፓርኪንጉ እንዳይጎተት እጠይቃለሁ። የሚጠየቅ ሂሳብ ካለ በዝርዝር፣ ለሟቹ ንብረት ተብሎ በጽሑፍ ይላክ። ዲፖዚቱንም በሂሳቡ ውስጥ አሳዩ።»

ቅዳሜ ስትገቡ መጀመሪያ ክፍሉን ሁሉ በቪዲዮ አንሱ። ከሶፋና ከቴሌቪዥን በፊት ፓስፖርቱን፣ የመኖሪያ ፈቃዱን፣ የባንክ ወረቀቶቹን፣ ስልኩንና የመኪናውን ታይትል ሰብስቡ። ከስልኩ በዜል ለማንም ብር እንዳትልኩ። የሱ አካውንት አሁን የውርስ ገንዘብ ነው፤ ለቀብር እንኳን ቢሆን።

ዮሴፍ ዲሲ፦ ታዲያ በመጨረሻ ስንት ይከፈላል?

የአናንዴል ሰው፦ ቁልፉ በወሩ መጨረሻ ተመለሰ እንበል። ቤቱ ወዲያው ከተከራየ የጠፋ ኪራይ የለም። አንድ ወር ባዶ ከቆየ ጉዳቱ 1,700 ነው። ዲፖዚቱ 1,700 ከሆነ እዚያው ይካካሳል። ከተለመደው እርጅና ያለፈ ብልሽት ካለ ደግሞ በዝርዝር ጽፈው ይቀንሳሉ። የተረፈውን ቤቱ ከተለቀቀ በኋላ በ45 ቀን ውስጥ መመለስ አለባቸው። የሚመለሰውም የወራሾቹ ነው።

ጠያቂ፦ ዲፖዚቱ አንድ ሙሉ ኪራይ ነው። ግን «እከፍላለሁ» ያልኩት ደብዳቤ እጃቸው ላይ አለ። ይይዘኛል?

የአናንዴል ሰው፦ እዚህ ላይ ቁርጥ ያለ መልስ አልሰጥህም። ውል ሆነ አልሆነ ጠበቃ ደብዳቤውን አይቶ ይንገርህ። እስከዚያ አንዲት ዶላር አትላክ፣ የሚልኩልህንም ወረቀት አትፈርም። ከፈልክ ማለት ተስማማህ ብለው ይከራከራሉ።

ጋሼ መኩሪያ፦ እኔ አሁንም አልተዋጠልኝም። ሰው ቃሉን ከጻፈ በኋላ «አንስቻለሁ» ማለት ያሳፍራል።

አክስት አልማዝ፦ ጋሼ፣ 8,500 ዶላሩን ለእናቱ ይላኩላት። እሱ አያሳፍርም።

ጋሼ መኩሪያ፦ ለእናቱስ መዋጮውን ማን ጀመረው? ቅዳሜ ከዕድሩ ሰዎች ጋር እዚያው አሌክሳንድሪያ እመጣለሁ፣ ዕቃ የሚጭን መኪናም አለኝ። ስለ ቃሉ ግን ገና አልጨረስንም።

ትዕግስት ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ የአናንዴሉ፣ እኛ የከፈልነው የ2 ወር ይመለሳል ወይ? እህቴ ካረፈች 3 ዓመት ሆኗል።

የአናንዴል ሰው፦ ሊዙንና የከፈላችሁበትን ወረቀት ይዘሽ የሜሪላንድ ጠበቃ ጠይቂ። ከዚህ ሆኜ አልነግርሽም።