«ኦፕሽን» በአማርኛ ምን ይባል? ቀብድ ነው አረቦን?

የሂርማታዋ፦ ሰላም የቃል ወዳጆች። እዚሁ ጅማ አንድ ቡና ነጋዴ ቢሮ ሒሳብ እሠራለሁ። አለቃዬ ስለ ኒውዮርክ የቡና ገበያ የተጻፈ ነገር ተርጉሚልኝ አሉኝና «ኦፕሽን» ላይ ስደርስ ቆምኩ። «የምርጫ ውል» ብዬ ብጽፍ «የምን ምርጫ? የቀበሌ?» ብለው ሳቁብኝ። ኮል፣ ፑት፣ ፕሪሚየም የሚሉም አሉበት። ምን ልበላቸው?

የአራዳው ልጅ፦ ይሄማ ቀላል ነው። ኮል ጥሪ፣ ፑት ማስቀመጥ። ዋጋ ይወጣል ያለ ኮል ይገዛል፣ ይወርዳል ያለ ፑት ይገዛል። ባጭሩ ቁማር በይው።

ላኪ ቤት የነበርኩ፦ የመጨረሻዋን ተዋት እንጂ ግማሹን አግኝተኸዋል። ግን «ጥሪ» ብለሽ ከጻፍሽ አለቃሽ ስልክ ይመስላቸዋል። ኮል ማለት የመግዛት መብት ነው። ፑት ደግሞ የመሸጥ መብት። ቁልፉ «መብት» የሚለው ላይ ነው፤ ግዴታ የለበትም። ዋጋውና ቀኑ ዛሬ ይቆረጣል። መብቱን የገዛው ሰው ቀኑ እስኪያልፍ ሊጠቀምበትም ሊተወውም ይችላል። ለዚህ መብት የሚከፍላት ገንዘብ ናት ፕሪሚየም የምትባለው።

እናት ባጃጅ፦ ታዲያ ይሄ ቀብድ አይደል እንዴ! እኔ አምና ለአንድ ባጃጅ 20,000 ብር ቀብድ አስያዝኩ። በሳምንቱ ዋጋው ሲንር ሰውዬው «ሌላ ገዢ መጣብኝ» ብሎ 20,000ዬን መልሶ እጄ ላይ ጣላት። ኦፕሽን ተጫወተብኝ ማለት ነው?

መምህር ከቆጪ፦ እህቴ፣ እሱ የተጫወተብሽ በሕግ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1885 ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ ሰጪው ቀብዱን ትቶ፣ ተቀባዩ ደግሞ እጥፉን መልሶ ውሉን ማፍረስ ይችላሉ ይላል። 40,000 መቀበል ነበረብሽ። ወደ ጥያቄው ስመለስ ግን የአንቺ ነገር ጥሩ መለያ ሰጠን። ሰጪው የሚያጣው የከፈላትን ብቻ መሆኑ ላይ ቀብድና ፕሪሚየም ይመሳሰላሉ። የሚለያዩት ሁለት ቦታ ነው። ቀብድ ውሉ ሲፈጸም ከዋጋው ይቀነሳል ወይም ይመለሳል፤ ፕሪሚየም ግን አይታሰብም፣ ሄደ ሄደ ነው። ደግሞ ቀብድ የበላ ሰው እጥፉን ከፍሎ ያመልጣል። ኦፕሽን የሸጠ ሰውስ?

ላኪ ቤት የነበርኩ፦ አያመልጥም መምህር። ገዢው «ልጠቀም» ካለ ሻጩ መፈጸም አለበት። ከግዴታው መውጣት ቢፈልግ ያንኑ ዓይነት ኦፕሽን ከገበያው፣ በዕለቱ ዋጋ፣ መልሶ መግዛት ነው ያለው አማራጭ። ያኔ ዋጋው ከእጥፍም አልፎ ሊሆን ይችላል።

የሂርማታዋ፦ በቁጥር ብታሳየኝ። በኛ በፈረሱላ።

ላኪ ቤት የነበርኩ፦ እሺ፣ ቁጥሩን ለምሳሌ ብቻ ያዢው። ዛሬ ፈረሱላው 10,000 ብር ነው እንበል። አንቺ ከሁለት ወር በኋላ 100 ፈረሱላ ትፈልጊያለሽ፤ ዋጋው እንዳይወጣብሽ ሰግተሻል። አንድ ሰው «እስከ ሁለት ወር ድረስ በ10,000 የመግዛት መብት ልስጥሽ» አለሽ፤ በፈረሱላ 400 ከፈልሽው። 40,000 ብር ከእጅሽ ወጣ።

ቀኑ ደረሰ። ገበያው 11,500 ከሆነ በ10,000 ትገዢያለሽ። 1,500 አትርፈሽ 400ዋን ስንቀንስ 1,100 ይቀርሻል፤ በ100 ፈረሱላ 110,000 ብር ማለት ነው። ገበያው ወደ 8,500 ከወረደስ? መብትሽን ትተሽ ከገበያ በ8,500 ትገዢያለሽ። የከሰርሽው ያችኑ 40,000 ነው። 5,000 ቢወርድም 40,000 ነው። መብት እንጂ ቁርጥ ግዢ ስላልገባሽ በ10,000 ግዢ ብሎ የሚያስገድድሽ የለም። ቁርጥ ውል ቢሆን ኖሮ በ8,500 ጊዜ በፈረሱላ 1,500፣ በጠቅላላው 150,000 ብር ተበልተሽ ነበር።

የሂርማታዋ፦ 10,200 ላይ ቢቆምስ? 400 ከፍዬ 200 ለማትረፍ ምን አደከመኝ፣ ልተወዋ።

ላኪ ቤት የነበርኩ፦ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚች ጋ ነው። 400ዋ ብትጠቀሚም ባትጠቀሚም ሄዳለች። ከተውሽው 400 ትከስሪያለሽ። ከተጠቀምሽበት 200 ይመለስልሽና ኪሳራሽ 200 ይሆናል። ስለዚህ ትጠቀሚበታለሽ።

የአራዳው ልጅ፦ እና ኪሳራው የተወሰነ ከሆነ ሰው ለምን ኦፕሽን ብቻ አይገዛም? አሪፍ ቢዝነስ ነው እኮ!

ላኪ ቤት የነበርኩ፦ የተወሰነ ማለት ትንሽ ማለት አይደለም ወንድሜ። ያለህን 40,000 ሁሉ ፕሪሚየም ላይ ብታውል ሙሉው ሊጠፋ ይችላል። ባዶ እጅህን ለመቅረት ዋጋው መውደቅም የለበትም፤ 10,000 ላይ ንቅንቅ ሳይል ቀኑ ካለፈ በቃ። ቡና ቢሆን ዋጋው ቢወርድም ጆንያው መጋዘን ይቆይሃል። ኦፕሽን ግን ቀን አለው።

ሻጩን ደግሞ አስበው። ከላይ ባልኩት ውል የሚያገኘው ቢበዛ 40,000 ነው። ፈረሱላው 15,000 ቢደርስና እጁ ላይ ቡና ከሌለው በ15,000 ገዝቶ በ10,000 ያስረክባል። 500,000 ይከስርና ከፕሪሚየሙ ጋር ሲቻቻል 460,000 ይሆናል። ዋጋው ከዚያ በላይ ቢወጣ ማቆሚያ የለውም።

የሼኹ ልጅ፦ ወላሂ እስካሁን ዝም ያልኩት አንድ ቃል እየታወሰኝ ነው። በዐረብኛ «ዑርቡን» አለ። ገዢ ትንሽ ከፍሎ ዕቃውን ያስይዛል። ከገዛ ከዋጋው ይታሰብለታል፤ ከተወው ገንዘቡ ለሻጩ ይቀራል። የሐንበሊ መዝሀብ ሲፈቅደው ሌሎቹ አብዛኞቹ አይፈቅዱትም። አማርኛው «አረቦን» ከዚህ አይደለም?

መምህር ከቆጪ፦ ዘራቸው አንድ ነው። ዕብራይስጡም ግሪኩም ይህን ቃል ይዘውታል። ኦሪት ዘፍጥረት 38 ላይ ይሁዳ የፍየል ጠቦቱን እስኪልክ ድረስ ማኅተሙን፣ አምባሩንና በትሩን የሰጠው ለዚሁ ነው፤ መያዣ ነው። የሚገርመው አማርኛ ቃሉን ለሁለት ከፈለው። ለግዢው ቀብድን ይዞ አረቦንን ለመድን ሰጠው። መኪናህን መድን አስገብተህ ዓመቱን ሙሉ ባትጋጭ አረቦኑ አይመለስልህም። እኔ ለፕሪሚየም የምመርጠው አረቦንን ነው።

ላኪ ቤት የነበርኩ፦ ፑት ላይማ ልክክ ይላል። መጋዘን ቡና ያለው ሰው ዋጋ እንዳይወድቅበት ፈርቶ በ10,000 የመሸጥ መብት ገዛ፤ በፈረሱላ 300 ከፈለ እንበል። ገበያው 8,500 ሲሆን በ10,000 ይሸጣል፣ 9,700 ይቀረዋል። 12,000 ከሆነ መብቱን ትቶ ገበያ ይወጣል፣ 11,700 ያገኛል። ለዋጋ የገባ መድን ነው። የሱም ኪሳራ መብቱ ላይ ከከፈላት 300 አያልፍም።

እናት ባጃጅ፦ እኔስ ጅማ ላይ ሆኜ ይህን ከማን ነው የምገዛው?

ላኪ ቤት የነበርኩ፦ ከዚህማ አይገኝም። የሂርማታዋ የምትተረጉመው የኒውዮርኩን ነው። እዚያ አንድ ውል 37,500 ፓውንድ ነው። በኛ ሲመነዘር ከሞላ ጎደል 1,000 ፈረሱላ ይመጣል። ፕሪሚየሙ በፓውንድ በሳንቲም ይነገራል፤ አንድ ሳንቲም ለአንድ ውል 375 ዶላር ነው። እዚያ መብትሽን ብትጠቀሚም ጆንያ አይመጣልሽም፤ የምታገኚው የወደፊት የቡና ውል ነው። ይህን አለቃሽ እንዳይስቱት።

የሂርማታዋ፦ እሺ፦ «የመግዛት መብት»፣ «የመሸጥ መብት»፣ «አረቦን»። ኦፕሽኑን ግን አሁንም «የምርጫ ውል» ልበለው?

መምህር ከቆጪ፦ «የመብት ውል» ብትዪው?

የአራዳው ልጅ፦ እሱማ የሰብዓዊ መብት ይመስላል መምህር። ኦፕሽን ብለሽ ተዪው።

የሂርማታዋ፦ ለአለቃዬ ሁለቱንም አሳያቸዋለሁ። ሻጩንስ ምን ልበለው? «አረቦን በላ» ብዬ ልጽፍ ነበር።

እናት ባጃጅ፦ እሱ እንኳ የኔን ሰውዬ ነው የሚገልጸው። ቁጥር 1885 ነው ያሉት መምህር? ነገ ልሄድበት ነው።