ሳስነጥስ ሽንት ያመልጠኛል፣ ኬግል እየሠራሁ ጭራሽ ባሰብኝ

የጥር እናት፦ እህቶቼ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። 29ኛ ሳምንቴ ነው፣ የመጀመሪያዬ ነው። ኬግል የሚባለውን ሽንት የሚይዘውን ጡንቻ ማጠንከሪያ እንቅስቃሴ ሥሪ ተብዬ 3 ሳምንት ሙሉ አንድ ቀን ሳላስቀር ሠራሁ። ዛሬ እያስተማርኩ አስነጠሰኝና ቀሚሴ ረጠበ፣ ነጠላዬን አገልድሜ ነው ከክፍል የወጣሁት። ነገም ክፍል አለኝ። ምኑን ነው ያጠፋሁት?

የሁለት ልጆች እናት፦ አይዞሽ የኔ እናት፣ በሁለቱም እርግዝና አይቼዋለሁ። የምትሠሪው አንሶ ነው። በቀን እስከ 200 አድርሺው። አሠራሩ ቀላል ነው፣ ሽንትሽን ስትሸኚ መሀል ላይ ቁርጥ ታደርጊዋለሽ፣ ትለቂዋለሽ፣ ደግሞ ቁርጥ። እኔ እንደዚያ ነው የሠራሁት።

ሰላም የቦሌዋ፦ ልክ ነች፣ ሽንት ማቋረጥ ነው ዋናው። እኔም እሱን ነው የተነገረኝ።

እማማ ዘነቡ፦ ልጄ፣ እኔ አምስት ወልጃለሁ፣ ኬግል የሚባል ነገር ሰምቼ አላውቅም። ነፍሰ ጡር ሽንት ያመልጣታል፣ ስትወልድ ይተዋታል። ያንን ቦታ ካጠበቅሽው ደግሞ በምጥ ጊዜ ልጁ በየት ይወጣል? ምጥ ታከብጃለሽ እንጂ ምንም አታተርፊም። ይልቅ ተልባ ጠጪ።

ትዕግስት፦ እኔን ያስፈራኝ ሌላ ነው። ሽንት መሆኑን በምን አወቅሽ? የእንሽርት ውሃ ቢሆንስ? የአጎቴ ልጅ ሽንት ነው ብላ ሁለት ቀን ተቀምጣ ነበር፣ ውሃዋ ነበር የሚፈሰው። ዝም ብለሽ ሐኪም ቤት ሂጂ!

ሲስተር ብርሃን፦ አዋላጅ ነርስ ነኝ። የትዕግስት ጥያቄ ትክክል ነው፣ እሱን እናስቀድም። የጥር እናት፣ ደረቅ ሞዴስ አድርጊና ቆይተሽ እዪው። ቢጫ ከሆነና ሽንት ሽንት ከሸተተ፣ የሚመጣውም ስታስነጥሺ ወይም ስትስቂ ብቻ ከሆነ ሽንት ሳይሆን አይቀርም። ሳትስይ ሳታስነጥሺ ዝም ብሎ እየቆየ የሚያረጥብሽ ከሆነ፣ ውሃ መሳይ ከሆነ፣ ሽታውም የሽንት ካልሆነ ግን ነገ ሳትይ አሁኑኑ ሂጂ። ከተጠራጠርሽም እንደዚያው።

ከዚያ ደግሞ አንድ ነገር ንገሪኝ። «ሠራሁ» ስትይ በትክክል ምን ነው የምታደርጊው? እንዴት ሆነሽ? ትንፋሽሽስ? ምንም ሳታስቀሪ ጻፊልኝ።

የጥር እናት፦ ሲስተር ተባረኪ። ሽንት ነው፣ ሳስነጥስና ሳስል ብቻ ነው የሚመጣው። አሠራሬ ማታ በጀርባዬ እተኛለሁ፣ ትንፋሼን ይዤ ሆዴን ጥርቅም አድርጌ እስከ 10 እቆጥራለሁ። 50 ጊዜ። ጠዋት ደግሞ ሽንት ቤት እንደተባለው ሦስት አራቴ አቋርጣለሁ። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ስሸና ያቃጥለኛል፣ እሱ ግን ውሃ ስለቀነስኩ ይመስለኛል። ክፍል ውስጥ እንዳያመልጠኝ ብዬ ነው የቀነስኩት።

ሲስተር ብርሃን፦ የማቃጠሉን ነገር መጀመሪያ ብትነግሪን ኖሮ! ነገ ጠዋት ከክፍል በፊት ጤና ጣቢያ ሂጂና ሽንትሽን ተመርመሪ። ነፍሰ ጡር ስትሆኚ የሽንት ኢንፌክሽን ወደ ኩላሊት በቀላሉ ይወጣል፣ ያለጊዜው ምጥም ሊያመጣ ይችላል። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት ወይም የጎን ሕመም ከመጣብሽ ደግሞ ጠዋትን አትጠብቂ። በዚያ ላይ ፊኛ ሲቆጣ ሽንት ይበልጥ ያጣድፋል፣ «ባሰብኝ» ካልሽው አንዱ ምክንያት እሱ ሊሆን ይችላል። ውሃሽን መልሺና ጠጪ።

ሽንት ማቋረጡን ከዛሬ ጀምሮ ተይው። የትኛው ጡንቻ እንደሆነ ለማወቅ አንድ ጊዜ ቢሞከር ችግር የለውም። በየቀኑ ሲሠራ ግን ሽንት ሳያልቅ ፊኛ ውስጥ ይቀራል፣ የቀረ ሽንት ደግሞ ለኢንፌክሽን ይመቻል።

አሁን ወደ አሠራሩ። የድሮ የጠፍር አልጋ ታውቂያለሽ? ኬግል የሚያጠነክረው ጡንቻ እንደዚያ ነው። ከፊት ካለው አጥንት እስከ ኋላ ጭራ አጥንት ድረስ ተወጥሯል፣ ፊኛውም ማሕፀኑም ሰገራ የሚወጣበትም እሱ ላይ ነው ያረፉት። ልጁ ሲከብድ ጠፍሩ መሀሉ ላይ ይረግባል፣ የእርግዝና ሆርሞንም ያላላዋል። ስታስነጥሺ ከላይ ድንገት ግፊት ይወርዳል፣ ጠፍሩ ካልመለሰው ሽንቱ ያመልጣል። አንቺ ደግሞ ትንፋሽሽን ይዘሽ ሆድሽን ስታጠብቂ ምናልባት ከላይ እየተጫንሽው ነው። ማንሳት ሲገባሽ እየገፋሽው ይሆናል ማለት ነው። 50 ጊዜ።

ማታ ይህን ሞክሪ። በጎንሽ ተኚ፣ ትራስ በጉልበቶችሽ መሀል አድርጊ። በዚህ ወር በጀርባ ብዙ መቆየት አይመከርም። እጅሽን ታጠቢና አንድ ጣት በብልትና በፊንጢጣ መካከል ባለው ቦታ ላይ ከውጭ አሳርፊ። አሁን ሰው መሀል ሆነሽ አየር እንዳያመልጥሽ እንደምትይዢው አድርጊ፣ ሽንትሽንም አብረሽ እንደያዝሽ፣ ሁለቱንም ወደ ውስጥና ወደ ላይ ሳቢ። ቦታው ከጣትሽ ከሸሸ ልክ ነሽ። ጣትሽን ወደ ውጭ ከገፋው እያማጥሽ ነው። ምን እንደሆነ ንገሪኝ።

አባ ናቲ፦ ወንድ ሆኜ ስለገባሁ ይቅርታ። ባለቤቴ 6 ወሯ ነው፣ ኬግሉን የምትሠራው ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማ ነው፣ ሰልፉ ስለማያልቅ ሦስቱም ዙር እዚያው ያልቅላታል። እንደዚያ ቆሞ ይቻላል?

ሲስተር ብርሃን፦ ይቻላል፣ ግን መጀመሪያ ተኝታ በደንብ ከያዘችው በኋላ። ስትቆም ክብደቱ ሁሉ ከላይ ስለሆነ ይከብዳል። መቀመጫዋንና ጭኗን ጭምድድ የምታደርግ ከሆነ ጡንቻውን አላገኘችውም። ሰልፍ ላይ ያለ ሰው ምንም እንዳደረገች ሊያውቅባት አይገባም።

ፍራንክፈርት ያለሁት፦ እዚህ ጀርመን የጤና ኢንሹራንሱ የዚህን ኮርስ 10 ሰዓት ይከፍላል። እኔ ልጄን ከወለድኩ ከ8 ሳምንት በኋላ ጀመርኩ፣ ሆዴም ተመለሰ፣ ሽንቱም ቆመ። አንቺም ወልደሽ ስትጨርሺ ጀምሪ፣ አሁን አትድከሚ።

ሲስተር ብርሃን፦ እህቴ፣ አንቺ የምትይው ከወሊድ በኋላ ያለው ነው፣ እሱም ጥሩ ነው። እሷ ግን ነገ ክፍል አላት፣ ገና 11 ሳምንት ይቀራታል።

እማማ ዘነቡ፣ የእርስዎንም ልመልስ። ብዙ እናቶች እንደ እርስዎ ይፈራሉ። ጡንቻው በር የሚዘጋ ግንብ አይደለም፣ ማጥበቅ የሚያውቅ ጡንቻ መልቀቅም ይማራል፣ ለዚህ ነው ከእያንዳንዱ በኋላ ሙሉ በሙሉ መልቀቅ ያለባት። በፈረንጆቹ 2009 የወጣ የኖርዌይ ጥናት የመጀመሪያ ልጃቸውን የወለዱ ከ18 ሺህ በላይ ሴቶችን አይቶ ነበር፣ በእርግዝና ይህን የሠሩት ምጣቸው አልረዘመም፣ በቀዶ ጥገና መውለዱም አልበዛባቸውም። ተልባውን ግን ልክ ነዎት፣ ለድርቀት ይረዳል። ሽንት ቤት ተቀምጦ ማማጥ ያንኑ ጠፍር ያረግበዋል።

እማማ ዘነቡ፦ እሺ ልጄ፣ እግዜር ይስጥሽ። ግን እኔ ያልኩት አይቀርም፣ ወልዳ ታየዋለች።

የጥር እናት፦ ሲስተር አሁን ሞከርኩት። ገፋው! ጣቴን ወደ ውጭ ነው የገፋው። 3 ሳምንት ሙሉ እያማጥኩ ነበር ማለት ነው? ልጄን ጎዳሁት ይሆን? ደግሞ ሞከርኩ፣ እየተነፈስኩ ሳደርገው ትንሽ የሸሸ መሰለኝ፣ ግን 3 እንኳን ሳልቆጥር ያመልጠኛል።

ሲስተር ብርሃን፦ ልጅሽ ምንም አልሆነም፣ አትጨነቂ። ያ ትንሽ የሸሸው ነው ትክክለኛው። 3 የምትቆጥሪ ከሆነ ያንቺ መነሻ 3 ነው። እየተነፈስሽ 3 ያዢ፣ ከዚያ 3 ወይም ከዚያ በላይ እየቆጠርሽ ሙሉ በሙሉ ልቀቂ፣ ወርዶ ሲላላ ይሰማሽ። እንደዚህ 8 ጊዜ፣ በቀን 3 ዙር። ከዚያ በላይ አትሂጂ። ሲደክም ሆድና መቀመጫ ነው የሚያግዘው፣ ያኔ የምትለማመጂው ስህተቱን ነው። 200 አድርሺው ላለችሽም መልሴ ይኸው ነው። 3 ሲቀልሽ 4፣ ከዚያ 5፣ ቀስ ብሎ 10 ይደርሳል። ለውጡ በሳምንታት እንጂ በቀናት አይመጣም፣ 3 ወር የሚወስድባትም አለች።

ለነገው ክፍል የሚሆን ደግሞ አለ። ማስነጠስሽ ሲመጣ ታውቂዋለሽ አይደል? ከመውጣቱ በፊት ሳቢና ያዢ፣ አስነጥሺ፣ ከዚያ ልቀቂ። ዛሬ ማታ ሆን ብለሽ እየሳልሽ ተለማመጂው። ለጊዜው ሞዴስ አድርጊ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ስትስቢ ካመመሽ፣ ወይም መልቀቅ አልቻልኩም ካልሽ አቁሚ። አንዳንዷ ችግሯ መላላት ሳይሆን ያለ ልክ መጥበቅ ነው፣ እሷ ስትጨምር ይብስባታል። ያንን የሚለየው የምርመራ እጅ ነው፣ እኔ ከዚህ ሆኜ ላውቀው አልችልም።

የሁለት ልጆች እናት፦ እኔ ግን ሽንት በማቋረጥ ነው የዳንኩት፣ ኢንፌክሽንም አልያዘኝም። ሰው ይለያያል መሰለኝ።

ሲስተር ብርሃን፦ ስላልያዘሽ ደስ ብሎኛል። ለእሷ ግን አልመክርም፣ አሁን ስትሸና ያቃጥላታል።

ሜሮን 12ኛ ሳምንት፦ እኔ ምንም አያመልጠኝም። እንዲህ እስኪሆን ልጠብቅ ወይስ አሁን ልጀምር?

ሲስተር ብርሃን፦ አሁን ጀምሪ። እንዲያውም ጥናቱ በደንብ የሚያግዘው አንቺን ነው። ኮክሬን የሚባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግም ድርጅት በፈረንጆቹ 2020 ጥናቶቹን ሰብስቦ ሲያይ፣ ሽንት ሳያመልጣቸው በጊዜ የጀመሩት በመጨረሻዎቹ ወራት የማምለጥ ዕድላቸው በ62 በመቶ ቀንሷል። ቀድሞ እያመለጣት ለምትጀምር ግን ማስረጃው ያን ያህል ጠንካራ አይደለም። ለዚህ ነው ለጥር እናት ይቆማል ብዬ ቃል ያልገባሁላት፣ ይሞከር ነው ያልኳት። አንቺም በጣትሽ ሳታረጋግጪ እንዳትቆጥሪ።

ትዕግስት፦ የጥር እናት፣ ሳምንት ሞላሽ እኮ። የሽንት ምርመራው ምን አለ?