መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ካሜራው ፕሪሴቱን ይስታል
ቡሬ፣ እህል መጋዘን ላይ የሚሽከረከር ካሜራ ሰቅያለሁ። ፕሪሴት 1 በሩን፣ 2 ሚዛኑን፣ 3 የመኪና መቆሚያውን ያያል፤ ፓትሮሉ በየቦታው 15 ሰከንድ ይቆማል። ማታ መብራት ሄዶ ሲመጣ ግን ሦስቱም እኩል ወደ ጎን ይሸሻሉ፤ በሩ ስክሪኑ ጠርዝ ላይ ይቀራል። እንደገና ሴቭ ባደርጋቸውም እስከሚቀጥለው መጥፋት ብቻ ነው። የተሰቀለበት ብረት እንዳልተነቃነቀ በእርሳስ ምልክት አረጋግጫለሁ። ቀን Reboot ሳደርገው በትክክል ይመለሳል፤ የካሜራው የራሱ የሌሊት መብራት በርቶ ሳደርገው ግን ይስታል፣ እኔን ያጠራጠረኝም ይሄ ነው። አዳፕተሩ 12 ቮልት 2 አምፔር፣ ገመዱ 40 ሜትር ነው፤ ማታ ሞተሩ ሲዞር ካሜራው ጋ 10.4 ቮልት ለካሁ። ሲነሳ ራሱን በሚፈትሽበት ዙር ሞተሩ ኃይል አንሶት ይሆን ወይስ የውስጥ ቀበቶው ላልቶ? ካሜራውን ሳልፈታ በምን ልለየው?